የተቃጠለ ኦፕሽንና የሦስት ዓመት ወጪ

የተከበራችሁ የሂሳብ ሠራተኞች፣ ኦዲተሮችና የሰው ኃይል ክፍል ባልደረቦች፣

ድርጅት ለሠራተኛው የአክሲዮን መግዣ መብት ወይም በተለምዶ አጠራሩ ኦፕሽን ሲሰጥ፣ ከካዝና የሚወጣ ገንዘብ ባይኖርም ወጪ ይመዘገባል። ሠራተኛው በምላሹ ጉልበቱንና ጊዜውን ይሰጣልና። ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መብቱ እስኪጸና ድረስ ባለው ጊዜ ሠራተኞች ሲለቁና ኦፕሽናቸው ሲቃጠል የየዓመቱ ወጪ እንዴት እንደሚሰላ። ብዙ የሂሳብ መዝገብ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው።

መነሻችን ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃ ቁጥር 2 ነው። በዚህ ደረጃ መሠረት በአክሲዮን የሚከፈል የሠራተኛ ኦፕሽን ትክክለኛ ዋጋ መብቱ በተሰጠበት ቀን አንዴ ይለካል፤ ከዚያ በኋላ አክሲዮኑ ቢወጣም ቢወርድም ያ ዋጋ አይነካም። የሚለዋወጠው ይጸናሉ ተብለው የሚጠበቁት ኦፕሽኖች ቁጥር ነው። ዋጋው ይቆማል፣ ቁጥሩ ይንቀሳቀሳል። ይህን የያዘ ሰው የቀረው ስሌት አይከብደውም።

በምሳሌ እንሂድ። አንድ ድርጅት ለ80 ሠራተኞች ለእያንዳንዳቸው 500 ኦፕሽን ሰጠ። ሁኔታው አንድ ብቻ ነው፤ ሦስት ዓመት ሙሉ በሥራ ላይ መቆየት። የአንዱ ኦፕሽን ዋጋ በተሰጠበት ቀን 12 ነው፤ ገንዘቡ የየትኛውም አገር ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አንድ ሠራተኛ እስከ መጨረሻው ከቆየ የሚያስመዘግበው ወጪ 6,000 ነው።

በመጀመሪያው ዓመት 4 ሰዎች ለቀቁ። ድርጅቱ የቀደሙትን ዓመታት የሠራተኛ ፍሰት አይቶ በሦስቱ ዓመት በጠቅላላ 12 ሰው እንደሚለቅ ገመተ። ስለዚህ 68 ሰው ይጠበቃል። 68 በ6,000 ሲባዛ 408,000 ይሆናል፤ ከሦስቱ ዓመት አንዱ ስላለፈ ሲሶው፣ ማለትም 136,000፣ የዓመቱ ወጪ ነው። ዴቢት የሠራተኛ ወጪ፣ ክሬዲት በካፒታል ሥር ያለው የኦፕሽን መጠባበቂያ። ዕዳ ውስጥ አይገባም፤ ድርጅቱ የሚሰጠው አክሲዮን እንጂ ጥሬ ገንዘብ አይደለምና።

እዚሁ የመጀመሪያው ዓመት ላይ ሁለት ስህተት ይደጋገማል። አንደኛው የለቀቁትን 4 ሰዎች ብቻ ቀንሶ በ76 ማስላት ነው፤ ወጪው 152,000 ይሆንና ከሚገባው በ16,000 ይበልጣል። ሁለተኛው ደግሞ 12ቱን ከቀነሱ በኋላ የለቀቁትን 4 እንደገና መቀነስ ነው። እነዚያ 4 ሰዎች ከ12ቱ ውስጥ ናቸው። አንዴ ተቆጥረዋል።

በሁለተኛው ዓመት ሌሎች 7 ሰዎች ለቀቁ፤ ድምሩ 11 ደረሰ። ፍሰቱ ስለበረታ ግምቱ ወደ 17 ከፍ አለ፤ ይጸናል የሚባለው ለ63 ሰው ብቻ ሆነ። 63 በ6,000 ሲባዛ 378,000 ነው። አሁን ይህን ለሦስት ከፍሎ 126,000 መመዝገብ ያጓጓል፤ ግን ስህተት ነው። መጀመሪያ የሚሰላው እስከ ዛሬ ሊመዘገብ የሚገባው ድምር ነው። የ378,000 ሁለት ሦስተኛ 252,000 ነው፤ ባለፈው ዓመት የተመዘገበው 136,000 ሲቀነስ የዘንድሮው ወጪ 116,000 ይሆናል። በ126,000ና በ116,000 መካከል ያለው 10,000 ከየት መጣ? አምና ከ68ቱ ውስጥ ቆጥረናቸው አሁን ከተጠባባቂዎች ዝርዝር ከወጡት 5 ሰዎች ነው፤ ለእያንዳንዳቸው አምና 2,000 መዝግበን ነበር። ያ ወጪ ዘንድሮ ተመለሰ ማለት ነው። የአምናው ሪፖርት ግን አይከፈትም፤ የግምት ለውጥ የሚስተካከለው በለውጡ ዓመት ነው።

በሦስተኛው ዓመት የለቀቁት 3 ብቻ ሆኑ። በጠቅላላ 14 ሄደው 66 ሠራተኞች መብታቸው ጸናላቸው። ከዚህ በኋላ ግምት የለም። 66 በ6,000 ሲባዛ 396,000፤ 252,000 ሲቀነስ የዓመቱ ወጪ 144,000 ነው። ሥራ አስኪያጆች ብዙ ጊዜ የሚጠይቁት እዚህ ነው፤ «ሰው ባይለቅብን ወጪያችን ለምን ጨመረ?» ይላሉ። መልሱ ቀጥተኛ ነው፤ ይለቃሉ ብለን የተውናቸው 3 ሰዎች ቆይተዋል፤ የሁለት ዓመት ድርሻቸው 12,000 በአንድ ጊዜ ገባ። የተቀረው 132,000 የዓመቱ የራሱ ሲሶ ነው።

በየዓመቱ ዝም ብሎ በሦስት የሚያካፍል ሰው 136,000፣ 126,000ና 132,000 ይመዘግባል፤ ድምሩ 394,000 ነው። ስህተቱን የሚያጋልጥ ቀላል ፍተሻ አለ። ጊዜው ሲያበቃ የተመዘገበውን ድምር በአንዱ ኦፕሽን ዋጋ አካፍሉት። 396,000 በ12 ሲካፈል 33,000 ይሰጣል፤ ይህም የ66 ሰዎች 500፣ 500 ኦፕሽን ነው። 394,000 ግን 32,833 ከሲሶ ይሆናል። የኦፕሽን ሲሶ የለም።

በአሜሪካው የሂሳብ ደረጃ እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣው ማሻሻያ ድርጅት ምርጫ አለው፤ መገመት ወይም ሰው ሲለቅ ብቻ መቀነስ ይችላል። በሁለተኛው መንገድ የእኛ ምሳሌ 152,000፣ 124,000ና 120,000 ይሆናል። መድረሻው ያው 396,000 ነው፤ የዓመታቱ ቅርጽ ግን ሌላ ነው። በዓለም አቀፉ ደረጃ ይህ ምርጫ የለም፤ መገመት ግዴታ ነው።

አሁን ብዙ ክርክር ወደሚነሳበት ልምጣ። ሠራተኛው ራሱ ለቀቀም ተባረረም፣ አገልግሎቱ ከመጽኛው ቀን በፊት ከተቋረጠ ሁኔታው አልተሟላም፤ ኦፕሽኑ ተቃጠለ፤ የተመዘገበለትም ወጪ ይመለሳል። ሠራተኛው ሥራው ላይ እያለ ድርጅቱ ራሱ ኦፕሽኑን ቢሰርዝ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ያኔ ወጪ አይመለስም፤ ለቀሪዎቹ ዓመታት ሊመዘገብ የነበረው ሁሉ በዕለቱ ይገባል። በምሳሌያችን በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ የአንድ ሠራተኛ ኦፕሽን ቢሰረዝ የተቀረው 2,000 ወዲያው ይመዘገባል። ሁለቱም በሠራተኞች ዝርዝር ላይ «ኦፕሽን የለውም» ተብለው ስለሚታዩ ይምታታሉ። ስለዚህ ከሰው ኃይል ክፍል የሚመጣው ዝርዝር ስም ብቻ ሳይሆን መብቱ የቀረበትን ምክንያትና አገልግሎቱ የተቋረጠበትን ቀን መያዝ አለበት። የሥራ መልቀቂያ ደብዳቤ የገባበት ቀን አይበቃም። ደብዳቤው ዓመቱ ከመዘጋቱ በፊት ገብቶ ሰውየው የሚሄደው ከዚያ በኋላ ከሆነ፣ በግምቱ ውስጥ እንደሚለቅ መቆጠር አለበት፤ ግን ገና የለቀቀ አይደለም።

የመጨረሻው ጉዳይ ከጸና በኋላ ስለሚሆነው ነው። 66ቱ ሠራተኞች መብታቸው ጸንቶላቸዋል፤ ነገር ግን የአክሲዮኑ ገበያ ከመግዣው ዋጋ በታች ወርዶ አንድም ሰው አልገዛም እንበል፤ ቀኑም አለፈ። 396,000ው ወጪ አይመለስም። ሠራተኞቹ ሦስቱን ዓመት ሠርተው ጨርሰዋል፤ ድርጅቱም አገልግሎቱን ተቀብሏል። የሚፈቀደው በካፒታል ውስጥ ማዛወር ብቻ ነው፤ ዴቢት የኦፕሽን መጠባበቂያ፣ ክሬዲት ያልተከፋፈለ ትርፍ። ትርፍና ኪሳራው ላይ አንዲት አሃዝ አትነካም።