ቀስቱ የት ነው ያረፈው?

ውድ ተማሪዎች፣ ከኮዬ ፈጬና ከቱሉ ዲምቱ በጠዋት ታክሲ ተጋፍታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ዛሬ የማወራው ስለ አንድ ስዕል ነው፤ ስለ ብራኪያል ፕሌክሰስ። ፈተና ላይ ቀስትና ፊደል ተደርጎበት ሲመጣ ብዙዎቻችሁ ከአንገት በኩል መቁጠር ትጀምራላችሁ። እኔ ከጫፉ ጀምሩ እላለሁ።

መጀመሪያ የእንግሊዝኛውን ኤም ፊደል ፈልጉ። በብብት አካባቢ ቁልጭ ብሎ ይታያል። የውጪው እግር መስኩሎኩቴኒየስ ነርቭ ነው፤ ኮራኮብራኪያሊስ ጡንቻን ይበሳል። የመሃሉ ሚዲያን ነው። የውስጡ ደግሞ አልናር። ከኤሙ ጀርባ ያሉት አክሲላሪና ራዲያል ናቸው። ኤሙ ከተገኘ የስዕሉ ግራና ቀኝ ቢገለበጥም አትሳሳቱም።

አሁን አንድ ጥያቄ አብረን እንሥራ። ቀስት «ለ» ሲ5 እና ሲ6 ከተገናኙ ወዲያ ትንሽ አለፍ ብሎ አርፏል። ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ሲወለድ ትከሻው ተይዞ በጭንቅ የወጣ ሕፃን እዚህ ቦታ ላይ ተጎዳ። ምን ይታያል?»

ቀስቱ ያረፈው አፐር ትራንክ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ የሚሄዱትን ነርቮች ተከተሉ። ሱፕራስካፑላር እዚያው ይነሳል። አክሲላሪና መስኩሎኩቴኒየስም ዋና ድርሻቸውን ከሲ5 እና ከሲ6 ያገኛሉ። ስለዚህ ዴልቶይድና ሱፕራስፓይናተስ ይደክማሉ፤ ክንድ ወደ ጎን አይነሳም። ኢንፍራስፓይናተስ ስለሚደክም ክንዱ ወደ ውስጥ ይዞራል። ባይሴፕስም ስለሚደክም ክርን አይታጠፍም፤ መዳፉም ወደ ኋላ ይዞራል። ሕፃኑ ጣታችሁን ግን አጥብቆ ይይዛል፤ የእጅ ጡንቻዎች ከሲ8 እና ከቲ1 ናቸውና። ይህ የኧርብ ፓልሲ ነው።

አሁን ነጥብ የሚጠፋበት ቦታ ላይ ደረስን። ከምርጫዎቹ አንዱ «የትከሻ አጥንቱ ከጀርባ ወጣ ይላል» ይላል። ሲ5 እና ሲ6 ስለተጎዱ እውነት ይመስላል፣ አይደል? ሎንግ ቶራሲክ ነርቭም ከሲ5፣ ከሲ6 እና ከሲ7 ነው። ነገር ግን የሚነሳው ከሩቶቹ ነው፤ ትራንክ ከመፈጠሩ በፊት። ስለዚህ «ለ» ላይ ያለው ጉዳት አይነካውም፤ ሴራተስ አንቲሪየር ይሠራል። ሮምቦይዶችም እንዲሁ፤ የእነሱ ዶርሳል ስካፑላር በዋናነት ከሲ5 ሩት ይነሳል። ያው ቀስት ወደ አንገት ጠጋ ብሎ ሩቶቹ ላይ ቢያርፍ ኖሮ መልሱ ይለወጥ ነበር። የቀስቱን ጭራ ተዉት፤ ጫፉ ከመገናኛው በፊት ነው ወይስ በኋላ የሚለውን ጠይቁ።

እስቲ አሁን ወረቀታችሁን ገልብጡ። ቀስት «ሐ» ሲ8 እና ቲ1 ከተገናኙ በኋላ አርፏል። የትኞቹ እንቅስቃሴዎች እንደሚቀሩና የትኞቹ እንደሚጠፉ ጻፉ፤ ከዚያ ከጎናችሁ ካለው ሰው ጋር አስተያዩ።