ኢኤስአር የሚለካው ፍጥነት ነው

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ላቦራቶሪ ስለምሠራ ሰዎች ውጤታቸውን ይዘው ይጠይቁኛል። «ኢኤስአር ከፍ ብሏል ተባልኩ፤ ደሜ ውስጥ ምን ተገኘ?» ይላሉ። ድንጋጤያቸው ስለሚገባኝ ዛሬ ረጋ ብዬ ላስረዳ። ተፈልጎ የተገኘ ነገር የለም። የለካነው ቀይ የደም ሴሎች የሚወርዱበትን ፍጥነት ነው።

ደሙ እንዳይረጋ አራት እጁን ከአንድ እጅ ሲትሬት ጋር እንቀላቅላለን። ቀጭን ቱቦ ውስጥ ሞልተን ቀጥ አድርገን እናቆመዋለን። ሴሎቹ ፕላዝማ ከሚባለው የደም ፈሳሽ ስለሚከብዱ ወደ ታች ይወርዳሉ፤ ከላይ ቢጫው ፕላዝማ ይቀራል። ከአንድ ሰዓት በኋላ የፕላዝማውን ቁመት በሚሊ ሜትር እናነባለን። ውጤቱ እሱ ነው።

ታዲያ ብግነት፣ ማለትም ሰውነት ለኢንፌክሽን ወይም ለጉዳት የሚሰጠው ምላሽ፣ ሲኖር ለምን ይፈጥናል? ቀይ ሴሎች ላያቸው ላይ ኔጌቲቭ ቻርጅ ስላላቸው እርስ በርስ ይገፋፋሉ። ለየብቻ ሲወርዱ ቀስ ይላሉ። ብግነት ሲነሳ ግን የመከላከያ ሴሎች ኢንተርሉኪን 6 የሚባል መልእክት ለጉበት ይልካሉ። ጉበትም ፋይብሪኖጅንን በብዛት ያመርታል። ይህ ረጅም ፕሮቲን የመገፋፋቱን ኃይል ያዳክመዋል። ሴሎቹ እንደተደረደረ ሳንቲም ይነባበራሉ። ክምሩ ከክብደቱ አንጻር ፈሳሹን የሚነካው ገጽታ ያነሰ ስለሆነ ቶሎ ይሰምጣል። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ይሄ ነው፤ የጉበት ሥራ ቱቦ ላይ በዓይን ይታያል።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። የ60 ዓመት እናት የሳንባ ምች ታመው አንቲባዮቲካቸውን ጨረሱ። ትኩሳቱ ጠፋ፤ ሲአርፒ የሚባለው ሌላው የብግነት ምርመራም ወደ ቦታው ተመለሰ። ኢኤስአር ግን 48 ነው። ለእድሜያቸው በግምት እስከ 35 ይፈቀዳል፤ ለሴት እድሜ ላይ 10 ደምሮ ለሁለት ማካፈል ነው፣ ለወንድ እድሜን ብቻ ለሁለት። በሽታው አልለቀቃቸውም ማለት ነው? የግድ አይደለም። ሲአርፒ ራሱ ጉበት የሚያመርተው ፕሮቲን ነው፤ ምርቱ ሲቆም በአንድ ቀን ውስጥ ከግማሽ በታች ይወርዳል። ፋይብሪኖጅን ግማሹ እስኪጠፋ አራት ቀን ገደማ ይፈጃል። ሴሎቹን የሚያነባብሩት ሌሎቹ ፕሮቲኖች፣ ፀረ እንግዳ አካላት፣ ደግሞ ሳምንታት ይቆያሉ። ስለዚህ ኢኤስአር ወደኋላ ይቀራል።

እኔ ግን ሄሞግሎቢናቸውንም አያለሁ። የደም ማነስ ካለ ሴሎቹ ጥቂት ስለሆኑ የሚያደናቅፋቸው ይቀንሳል፤ ያለ ብግነትም ይፈጥናሉ። ማጭድ ቅርጽ ያላቸው ሴሎች ደግሞ በደንብ መነባበር አይችሉም፤ ብግነት እያለም ቁጥሩ ዝቅ ሊል ይችላል።

ሥራችንም ውጤቱን ያዛባል። ቱቦው ትንሽ እንኳ ካዘመመ ሴሎቹ በግድግዳው ተንሸራተው ቁጥሩን ያንሩታል። ደሙ ለብዙ ሰዓት ከቆየ ደግሞ ቁጥሩ ከእውነተኛው ያነሰ ይወጣል። ቁጥሩ ከሕመምተኛው ሁኔታ ጋር አልገጥም ካለኝ፣ አዲስ ናሙና አስቀድቼ የቱቦውን አቋቋም አይቼ እደግመዋለሁ።