የሐሙሱ ጭነት ያመለጠው ሰኞ ነው
የአድማጮች ጥያቄና መልስ፤ ከአነስተኛ ንግድ አማካሪ ጋር

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። ካዛንቺስ አካባቢ ትንሽ ሱቅ አለኝ። ዕቃ የሚያመጣው መኪና ሲመጣ እኔ የለሁም፤ እኔ ስኖር ገንዘቡ የለም። ሳምንትሽን አቅጂ ይሉኛል። ደንበኛ በፈለገው ሰዓት እየመጣ የሱቅ ሰው ሳምንት እንዴት ይታቀዳል?»

መልስ፦ እህቴ፣ የአንዲት ባለሱቅ ታሪክ ልንገርዎት። ሱቋ ፒያሳ ነው፣ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ብዙም አይርቅም። ስኳር፣ ዘይት፣ ዳቦ፣ ወተት፣ እንቁላል፣ ለስላሳ ትሸጣለች፤ ጧፍም ከደጃፏ አይጠፋም። አንዲት የእህቷ ልጅ ታግዛታለች።

ነገሩ የሆነው በሕማማት ሳምንት ነው። ለፋሲካ 20 ሳጥን ለስላሳ አዝዛ ነበር። የአከፋፋዩ መኪና ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ መጣ። እሷ ዘይትና ስኳር ልትገዛ መርካቶ ወርዳለች። ልጅቷ ገንዘብ የላትም፤ ባዶው ጠርሙስም ገሚሱ ጓዳ፣ ገሚሱ ከጆንያ ሥር ነው። የሽያጭ ሠራተኛው ጥቂት ጠበቀና ወረቀቱን አጥፎ ሄደ። በእሱ አይፈረድም፤ በዚያ ጠዋት የሚጠብቁት ሱቆች ብዙ ናቸው። በማግስቱ ስቅለት ነው፣ መኪናው አይወጣም። ቅዳሜ ደግሞ ስልኩን የሚያነሳ አልተገኘም።

ሴትየዋ በኮንትራት ታክሲ እየዞረች ከሌላ ነጋዴ 8 ሳጥን ገዛች፤ ያለ ትርፍ ሸጠችው። ይህ ትንሹ ጉዳት ነው። ለስላሳ አጥቶ ሌላ ሱቅ የገባ ደንበኛ ዘይቱንም፣ ቡናውንም፣ እንቁላሉንም እዚያው ገዝቶ ነው የሚወጣው፤ የበዓል ገበያ ደግሞ በሚቀጥለው ሳምንት አይካካስም።

እኔ ዘንድ ስትመጣ «መርካቶ መሄዴ ነው ጉድ የሠራኝ» ብላ ነበር። ቁጭ ብለን ስንቆጥር ግን ሌላ ነገር ወጣ። በእጇ ያለው የጠርሙስ ሀብት በጠቅላላ 26 ሳጥን ነው። ያን ሐሙስ ሙሉው 3 ሳጥን፣ ሱቅ ውስጥ ያለው ባዶ 11 ሳጥን ነበር። የቀረው 12 ሳጥን በየጎረቤቱ ቤት፣ በየአልጋው ሥር ተበትኗል። እንደሚያውቁት ባዶ ያልመለሰ ሙሉ አይወስድም፤ ካልሆነም የጠርሙሱንና የሳጥኑን መያዣ ከፍሎ ነው። ስለዚህ ሐሙስ ጠዋት ሱቋ ደጃፍ ቆማ ብትጠብቅ እንኳ የምትቀበለው 11 ሳጥን ብቻ ነበር። ገንዘቡን ከመርካቶ ሆና በስልክ ማስተላለፍ ትችል ነበር፤ ባዶ ጠርሙስ ግን በስልክ አይተላለፍም። ጭነቱ ሐሙስ ሦስት ሰዓት ላይ ያመለጠ ይመስላል እንጂ ያመለጠው ባዶው ባልተቆጠረበት ሰኞ ነው።

ዕቅዷን የጀመርነውም ከዚህ ነው፤ ከመኪናው ቀን ወደ ኋላ እየቆጠርን። መኪናው ሐሙስ ሦስት ሰዓት ይመጣል። እንግዲያው ረቡዕ ማታ ሱቅ ሲዘጋ ባዶው ሳጥን በር አጠገብ ተደርድሮ፣ ገንዘቡ በፖስታ ተለይቶ ማደር አለበት። ባዶው ረቡዕ እንዲደረደር ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ልጅቷ በየቤቱ ዞራ ትሰበስባለች። ማን ጋ ስንት እንዳለ ለማወቅ ደግሞ ሰኞ ማታ ይቆጠራል፤ ከዱቤ መዝገቡ አጠገብ «ባዶ ያለበት» የሚል ገጽ ከፈትንላት። መርካቶ ማክሰኞ ጠዋት ሆነ። በቃ፣ የሳምንቱ አጥንት ይኸው ነው።

ገንዘቡ ለብቻው አስቸግሮን ነበር፤ የዕቁቧ ቀን ረቡዕ ነዋ። ሳምንቱን ሙሉ የለቀመችው ረቡዕ ለዕቁብ ይወጣል፣ ሐሙስ መኪናው ባዶ መሳቢያ ያገኛል። የዕቁቡን ቀን ማስለወጥ አልተቻለም። ስለዚህ የሳምንቱን 1,400 ብር በቀን 200 እየለየች በሌላ ቦርሳ ማስቀመጥ ጀመረች። የለስላሳው ገንዘብም እንዲሁ፦ አንድ ሳጥን ተሸጦ ባለቀ ቁጥር የሚተካው ሳጥን ዋጋ ከመሳቢያው ወጥቶ ፖስታው ውስጥ ይገባል። መሳቢያው ውስጥ የሚቀረው ብቻ ነው የእሷ።

የመጀመሪያው ሳምንት ዕቅዷ አልሠራም። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት እያንዳንዱን ሰዓት በሥራ ሞልታው ነበር፤ አምስት ሰዓት ሳይደርስ ሁሉም ተዘበራረቀ። ሰዓት በሰዓት የተሰመረ ወረቀት ቢሮ ለተቀመጠ ሰው ይሁን፣ ለባለሱቅ ግን አልወደውም። እሷ ጋ ጠዋት የዳቦና የወተት ግፊያ አለ፤ ማታ ሰው ከሥራ ሲመለስ ሌላ ግፊያ አለ። ጭር የሚለው ከሰባት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው። እናም ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ዋና ሥራ ብቻ ጻፍን፤ ሰዓቱ አስቀድሞ የተቆረጠው ሲቀር ቦታውም ያ ጭር ያለ ሰዓት ሆነ። ዓርብን ሆን ብለን ባዶ ተውነው፤ ከሐሙስ የተረፈ ነገር ሁሉ እዚያ ይወድቃል።

የምትጽፈው ግድግዳ ላይ በተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ነው። መጀመሪያ የምታሰፍረው ሌላ ሰው የወሰነውን ነው፦ መኪናውን፣ ዕቁቡን፣ ጾሙን፣ ክብረ በዓሉን። ረቡዕና ዓርብ ወተትና እንቁላል አይነካም፤ ስለዚህ ማክሰኞና ሐሙስ የምትቀበለውን ወተት ትቀንሳለች። ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ግን ረቡዕና ዓርብ ስለማይጾም ልማዷን መለወጥ አለባት። ብዙ ባለሱቅ ይህን ረስቶ በእነዚያ ሳምንታት ረቡዕ ወተት ያጣል።

ለእሷ ሱቅ ደግሞ ወር በገባ በ23 ጊዮርጊስ አለ። ጧፍና ዳቦ ከወትሮው በላይ ይሄዳል፤ መንገዱም በሰው ስለሚሞላ መኪና ማቆም ያስቸግራል። ወራችን 30 ቀን ስለሆነ ይህ ቀን በየወሩ ሁለት ዕለት ወደ ፊት ይገፋል። መጋቢት 23 ማክሰኞ ከዋለ ሚያዝያ 23 ሐሙስ ይውላል ማለት ነው፤ ልክ በመኪናው ቀን። ከነሐሴ ወደ መስከረም ብቻ ነው ሥርዓቱ የሚለወጠው፦ ጳጉሜን 5 ከሆነች በዚያው ዕለት፣ 6 ከሆነች አንድ ዕለት ወደ ፊት ይውላል። እንዲህ ያለ ሐሙስ ከሩቅ ሲታያት ቀደም ባለው ሳምንት ለሽያጭ ሠራተኛው ትነግረዋለች፤ ረቡዕ ያመጣላታል ወይም በዚያው ሳምንት ትርፍ ታዝዛለች። ሚያዝያ 23 ዓመታዊው የጊዮርጊስ በዓልም፣ የሠራተኞች ቀንም ስለሆነ ያን ቀን ከመኪናው ምንም አትጠብቅም።

የእርስዎ ሱቅ ካዛንቺስ ስለሆነ የሚቆጠረው ቀን ሌላ ሊሆን ይችላል፤ የመሥሪያ ቤት ደመወዝ ቀን ሊሆን ይችላል። አሠራሩ ግን ያው ነው። መኪናውን ይጻፉ፣ ከዚያ ወደ ኋላ ይቁጠሩ።

ጥያቄ፦ «እኔ አራት ኪሎ ነኝ። የኔ አከፋፋይ በየሳምንቱ እመጣለሁ ይላል እንጂ ሲፈልግ በስድስተኛው፣ ሲፈልግ በአሥረኛው ቀን ነው የሚመጣው። ለእንዲህ ያለ ሰው ምን ዕቅድ ይወጣል?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ የሚለውን ይተዉና የሚያደርገውን ይጻፉ። መኪናው በመጣ ቁጥር ቀኑንና ሰዓቱን ቀን መቁጠሪያው ላይ ምልክት ያድርጉ። ከአምስት ስድስት ጊዜ በኋላ ከአንዱ መምጣት እስከ ቀጣዩ ስንት ቀን እንዳለ ይቁጠሩ። 6፣ 7፣ 10፣ 7፣ 8 ቀን ወጣ እንበል። አማካዩ ወደ 8 ይጠጋል፤ ብዙ ሰው በዚህ ያዝዛል፣ በዘጠነኛው ቀን መደርደሪያው ይራቆታል። እርስዎ በረጅሙ፣ በ10 ይሂዱ። በቀን 2 ሳጥን የሚሸጡ ከሆነ መኪናው ሲሄድ በእጅዎ 20 ሳጥን ሙሉ መኖር አለበት፤ በሳምንት ብቻ ቢያሰሉት 14 ይሉ ነበር። ያ አሥር ቀን የሆነው በበዓል ምክንያት ከሆነ ግን ይሰርዙት፤ በዓልን አስቀድመው ስለሚያውቁት ለብቻው ይታሰባል።

ይህ ስሌት የሚሠራው ለማይበላሽ ዕቃ ነው። ወተትና ዳቦ ላይ ከሞከሩት ትርፉ የተጣለ ዕቃ ነው፤ ለእነሱ ሁለተኛ አቅራቢ ከመያዝ ሌላ መላ የለም። ለስላሳም ቢሆን ተጨማሪው 6 ሳጥን ቦታ፣ ገንዘብና ባዶ ጠርሙስ ይፈልጋል። መያዣ ከፍለው ሳጥን ከመጨመርዎ በፊት ውጭ የቀረውን ጠርሙስ ይሰብስቡ፤ ብዙ ጊዜ የሚጎድለው እዚያ ነው። የሹፌሩንም ስልክ ይያዙ። ቢሮ ያለው ሰው «ነገ ይመጣል» ይላል፤ ሹፌሩ ግን መኪናው ጋራዥ መግባቱን ያውቃል። መደወያው ሰዓት የዋዜማው ማታ ነው።

ጥያቄ፦ «ሱቁ የእናቴ ነው። ማንበብና መጻፍ አትችልም፤ እኔ ሥራ ውዬ ማታ ነው የምመጣው። እሷ በምን ታቅድ?»

መልስ፦ እናትዎ የዕድሩን፣ የማኅበሩን፣ የዕቁቡን ቀን በወረቀት አይደለም የያዙት፤ አንዱንም ግን አይስቱም። ስለዚህ አዲሱን ሥራ በሚያውቁት ቀን ላይ ያስሩላቸው። ማኅበርተኞች የሚመጡበት ቀን ባዶ ጠርሙስ የሚመለስበት ይሁን፤ እግረ መንገዳቸውን ይዘው ይመጣሉ።

ለገንዘቡ ቀለማቸው የተለያየ ሦስት ቦርሳ ይግዙላቸው፦ አንዱ ለመኪናው፣ አንዱ ለዕቁቡ፣ አንዱ ለቤት። ከአንዱ ወደ ሌላው መበደር የሚቻለው እርስዎ ባሉበት ብቻ እንዲሆን ተስማሙ።

ባዶው ሳጥን ሁልጊዜ አንድ ግድግዳ ሥር ይደርደር፤ ግድግዳው ላይም ለአንድ ጭነት የሚበቃው ቁመት ላይ መስመር ይሰመር። በመኪናው ዋዜማ ክምሩ ከመስመሩ በታች ከሆነ ጎረቤት መላክ ነው፤ ቁጥር አያስፈልግም። መስመሩ በቀለም ይሁን፤ በጠመኔ ከሆነ ሳጥኑ ሲፍቀው በሳምንቱ ይጠፋል።