እጅ ይውጣ!

የተከበራችሁ ወላጆች፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ የ5ኛ «ለ» ልጆቼ፣ እንደምን አረፈዳችሁ!

ዛሬ ሰባት ፊልሞች ታያላችሁ። እያንዳንዱ 10 ሰከንድ ነው። ሁሉንም አልተርክላችሁም፤ ስለ አንዱ ብቻ ላውራ። ስድስት ልጆች «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚለውን ተረት በባለቀለም ጭቃ ሠርተውታል። ጅቡ በመንደሩ ያልፋል፣ ይሄዳል፣ ከዚያ ውሻው ከአጥሩ ጀርባ ብቅ ብሎ ይጮኻል። በቃ፣ ታሪኩ ይኸው ነው።

ስልኩ ቪዲዮ አልቀረጸም። ፎቶ ብቻ ነው ያነሳው፤ ፎቶዎቹ በፍጥነት ሲከታተሉ ነው ፊልም የሚሆኑት። ልጆቹ ጅቡን ትንሽ ያንቀሳቅሳሉ፣ እጃቸውን ያወጣሉ፣ አንድ ፎቶ ያነሳሉ፣ ደግሞ ያንቀሳቅሳሉ። ለአንድ ሰከንድ 12 ፎቶ፣ ለ10 ሰከንድ 120 ፎቶ። ልጆቹ ሒሳቡን በሰሌዳው ላይ ራሳቸው ሠሩት። ጅቡ የሚያልፍበት መንገድ 36 ሳንቲ ሜትር ነው፤ በ6 ሰከንድ እንዲያልፍ ፈለጉ፤ 6 ሰከንድ 72 ፎቶ ነው፤ ስለዚህ በእያንዳንዱ ፎቶ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ይራመዳል። ካሜራው በማያየው የጠረጴዛ ጠርዝ ላይ ማስመሪያ ለጥፈው ለኩ። እኔ የልኬትን ምዕራፍ ስንት ጊዜ ነው ያስተማርኩት! ማስመሪያ ለምን እንደተሠራ የገባቸው ግን ያን ቀን ነው።

ስልክ ስንለምናችሁ አሮጌውን ሰጣችሁን፤ እናመሰግናለን። መስታወቱ ቢሰነጠቅ ግድ የለንም፤ የካሜራው ሌንስ ካልተቧጨረ ይበቃል። ሲም ካርዱን አወጣን፤ በሥራው መሀል ስልክ ከተደወለ ንዝረቱ ብቻ ሥዕሉን ያናጋዋልና። አሸዋ በሞላንበት የወተት ጣሳ ላይ ስልኩን በላስቲክ አሰርነው፤ ጣሳውን ከጠረጴዛው ጋር በፕላስተር አጣበቅነው። ከዚያ በኋላ ስልኩን ማንም አይነካውም። «ታዲያ ፎቶው በምን ይነሳል?» ትሉ ይሆናል። በጆሮ ማዳመጫ! በገመዱ ላይ ያለችው የድምፅ መጨመሪያ ቁልፍ በብዙ ስልኮች ላይ ካሜራውን ታሠራለች። በጣት ስክሪኑን ስትነኩት ስልኩ በፀጉር ስፋት ይንቀሳቀሳል፤ ያቺ የፀጉር ስፋት ፊልሙ ላይ የምድር መንቀጥቀጥ ትመስላለች።

ብርሃኑም አስቸግሮናል። ደመና መጣ ሄደ ባለ ቁጥር ስልኩ በራሱ ፎቶውን ያደምቀዋል ያጨልመዋል፤ ፎቶዎቹ ሲቀጠሉ ሥዕሉ እንደ ሻማ ይርገበገባል። መጋረጃ ዘግተን በአንድ የጠረጴዛ መብራት ሠራን፤ ፎቶ ማንሳት ሳንጀምርም በስክሪኑ ላይ የሚታየውን ጅብ ተጭነን በመቆየት ትኩረቱንና ብርሃኑን ቆለፍነው። ነጭ ሸሚዝ የለበሰ ልጅ ጠጋ ሲል እንኳ ጥላው ይለወጣል፤ ስለዚህ ከአንቀሳቃሾቹ በቀር ሁሉም አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይቆማል። አንዷ ልጅ ሥራዋ ይሄ ብቻ ነበር፤ ፎቶ ከመነሳቱ በፊት «እጅ ይውጣ!» ብላ መጮህ። 120 ጊዜ ጮኻለች። እንደውም ከዚያ በላይ፤ ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ፣ የመጣሁትም ለዚሁ ነው።

የመጀመሪያው ቀን በአንድ ክፍለ ጊዜ 41 ፎቶ አነሱ። ጅቡ ቆንጆ አልነበረም። አንገቱ አጭር፣ አንዱ ጆሮ ከሌላው የተለቀ፣ የኋላ እግሮቹ ደግሞ ወፍራም ነበሩ። እግሮቹ የወፈሩት ግን በምክንያት ነው። ይህ ጭቃ ዘይት ያለበት ስለሆነ አይደርቅም፤ ግን በእጅ ሙቀት ይለሰልሳል። የመጀመሪያው ጅብ ቀጭን እግር ነበረው፤ ወደ ሃያኛው ፎቶ ላይ ጉልበቱ ከዳውና በሆዱ ተኛ። ልጆቹ ከአሮጌ የኤሌክትሪክ ገመድ ቀጭን መዳብ አውጥተው ሁለቱን ገምደው አጥንት አደረጉለት፤ መዳፉን አሰፉ፤ ሲለሰልስ በፕላስቲክ ከረጢት አድርገው ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ አቆዩት። ያ አስቀያሚ ጅብ በአራት እግሩ የሚቆመው ስለታሰበበት ነው።

ያን ዕለት ማታ ጅቡ በምሳ ዕቃ ተጭኖ ወደ አንድ ቤት ሄደ።

በማግስቱ ሲመለስ ጆሮዎቹ እኩል ሆነዋል። አንገቱ ረዝሟል። ገላው ተልጎ ያብረቀርቃል፤ ነጠብጣብም ተደርጎለታል። እግሮቹ ቀጥነዋል። የአዋቂ እጅ ነው፤ ደግሞም ጎበዝ እጅ ነው! ልጁ ጅቡን ከምሳ ዕቃው ሲያወጣ አንገቱን ደፍቶ ነበር። «ተስተካከለልኝ» አለ። «አስተካከልኩት» አላለም። ሌሎቹ አምስቱ ዝም አሉ። 42ኛውን ፎቶ አንስተን ከ41ኛው ጋር አያይዘን አየነው፤ በመንገድ ላይ የነበረው ጅብ በዓይን ጥቅሻ ወደ ሌላ አውሬ ተለወጠ። ሦስት ፎቶ ስንቀጥል ደግሞ የቀጠኑት እግሮች መጉበጥ ጀመሩ።

ወላጆች፣ በፍቅር እንዳደረጋችሁት አውቃለሁ። ግን ልናገር! በደብተሩ ላይ የእናንተን የእጅ ጽሑፍ ስናገኝ እናልፋለን፤ የቤት ሥራው እንደ መጽሐፍ ሲያምር እናልፋለን። ፊልም ግን አያልፍም! የእናንተ እጅ የገባበትን ቦታ ለይቶ ያሳያል። ጅቡ ጆሮው የተንጋደደ ይሁን፤ የልጁ ጆሮ ነው! ከዚያ ጠረጴዛ ላይ ያወጣነው የልጆቹን እጅ ብቻ አይደለም፤ የእኔም፣ የእናንተም እጅ ይውጣ!

ልጆቹ ምን እንዳደረጉ ልንገራችሁ። አዲሱን ጅብ አፈረሱት። ልጁ ራሱ ነው ያፈረሰው፤ መጀመሪያ ጆሮዎቹን። የድሮውን ፎቶ ስልኩ ላይ እያዩ፣ አጭር አንገት፣ የተለያየ ጆሮ፣ ወፍራም እግር አድርገው መልሰው ሠሩት። ግን ሁለተኛው ጅብ ከመጀመሪያው ጋር ልክ አልገጠመም፤ ስለዚህ 41ዱንም ፎቶ ጥለው ከአንድ ጀመሩ።

ሌላም ክርክር ነበር። ጅቡ ከሄደ በኋላ ውሻው እስኪወጣ ድረስ አንድ ሰከንድ መንገዱ ባዶ ነው፤ አንዱን ፎቶ 12 ጊዜ ደግመው አስገቡት። እኔ ባዶውን ቁረጡት አልኳቸው። አንዲት ልጅ «ቲቸር፣ ውሻው ጅቡ መሄዱን ማረጋገጥ አለበት» አለችኝ። እጄን አወጣሁ። የቀረው 36 ፎቶ የውሻው ነው፤ አፉ ሁለት ፎቶ ይከፈታል፣ ሁለት ፎቶ ይዘጋል። ድምፁን በመጨረሻ በስልኩ ቀድተው ጨመሩት። የማን ጩኸት እንደሆነ ስትሰሙ ታውቃላችሁ።

አምስተኛው ሰከንድ ላይ በጥግ በኩል የአንድ ልጅ አውራ ጣት ብልጭ ብሎ ይጠፋል። 58ኛው ፎቶ ነው። አይተነዋል፤ ልጆቹ ተወያይተው ይቆይ ብለዋል።

ከፊልሙ በኋላ ጅቡ ወደ ቤት ይሄዳል። ጆሮውን አትንኩብን።

አሁን መብራቱን አጥፉልን፤ መጋረጃውንም ዝጉት።