«ምን ይሉት ነበር?»

እንደምን አደራችሁ።

የመድረክ መሪው «አጭር ይሁን» ብሎኛል። እኔም አጭር እንዲሆን ብዬ ጽፌ ነው የመጣሁት። ጽፌም ቢሆን እንደማስረዝም የሚያውቁ ሰዎች ግን ከፊት ወንበር ላይ ሆነው ከአሁኑ እየሳቁ ነው።

አምስት ቀን አብረን ሰነበትን። በሐይቁ ዳር እየዞራችሁ የአዛውንቶችን ጨዋታ በስልክ ቀዳችሁ። ስልካችሁ ሞላ፣ እግራችሁ ነደደ። ትናንት ማታ ሪፖርቶቻችሁን ቁጭ ብዬ አነበብኩ። ከግማሽ በላይ በሚሆኑት ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር አገኘሁ፦ «ተናጋሪው ዝምተኛ ናቸው።» ዛሬ እዚህ የቆምኩት ከዚህች ዓረፍተ ነገር ጋር ልጣላ ነው። ሌላው ሁሉ ማሟያ ነው።

ደግሞ እናንተን ልወቅስ አልመጣሁም። እኔው ራሴ ጽፌያታለሁ። ታሪኩን ልንገራችሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ እዚሁ ባሕር ዳር ዳርቻ፣ የታንኳ ሠሪ አዛውንት ቀድቼ ነበር። አሁንም ቅጂው ስልኬ ላይ አለ፤ 47 ደቂቃ ነው። የላከኝ መሥሪያ ቤት 24 ጥያቄ በወረቀት አትሞ ሰጥቶኝ ነበር። ሃያ አራት! ሰውየው ደንገል ጠርዘው ይሰፋሉ፣ እኔ ወረቀት አገላብጣለሁ። መጀመሪያ ጨዋታው ሞቀ። ከዚያ ቀዘቀዘ። እቤቴ ገብቼ «አይናገሩም» ብዬ ጻፍኩና ተኛሁ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ቅጂውን መልሼ ሰማሁ። እንዴት እንደሰማሁት ልናገር፤ ዘዴው እዚህ ላይ ነውና። አንድ ጊዜ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳላቆም አዳመጥኩ። ፍጥነቱን አልጨመርኩም። አንዳንዶቻችሁ ጊዜ ለመቆጠብ አንድ ተኩል እጥፍ እያደረጋችሁ እንደምትሰሙ አይቻለሁ። ተዉት። ሲፈጥን ዝምታው ይጠፋል፤ እኛ ደግሞ የምንፈልገው ዝምታውን ነው።

በሁለተኛው ዙር ደብተር ያዝኩ። በአንድ በኩል የጥያቄዬን የመጀመሪያ ሁለት ቃላት፣ በሌላ በኩል መልሳቸው ስንት ሰከንድ እንደቆየ ጻፍኩ። መጀመሪያ ላይ 50፣ 70፣ አንዴም 95 ሰከንድ ይላል። ከ26ኛው ደቂቃ ጀምሮ 12፣ 8፣ 4። የገረመኝ ግን የራሴ ድምፅ ነው። መልሳቸው ባጠረ ቁጥር የእኔ ጥያቄ ይረዝማል። 6 ሰከንድ የነበረው ጥያቄ 20 ደረሰ! ደንግጬ ነበር መሰለኝ፤ ዝምታውን በራሴ ወሬ እየሞላሁ ነበር። ስትፈትሹ ይህን ምልክት ያዙ፦ ጠያቂው ማብራራት ከጀመረ፣ ጨዋታው ቀድሞ ቀዝቅዟል ማለት ነው።

እና 26ኛው ደቂቃ ላይ ምን ጠየቅኩ? እንዲህ፦ «ዓሣው ከድሮው ጋር ሲነጻጸር ቀንሷል ወይስ አልቀነሰም፣ እምቦጩስ ምን ያህል ጎዳችሁ፣ መንግሥትስ ምን ቢያደርግ ይላሉ?» ሦስት ጥያቄ በአንድ ትንፋሽ። «ቀንሷል እንጂ» አሉ። በቃ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ያቆማል። «አሃ፣ ጥያቄው ተደራርቦ ነው» ይላል። ልክ ነው፣ ተደራርቧል። ግን ጨዋታው የሞተው እዚያ አይደለም። እዚያ ቀብሩን ነው የሰማሁት። ወደ ኋላ ሄድኩ። አንድ ጥያቄ፣ ሁለት ጥያቄ፣ ሦስት። 19ኛው ደቂቃ ላይ ደረስኩ።

ሰውየው ስለ አባታቸው እያወሩ ነው። «አባቴ ደንገል ሲያጭዱ ሐይቁን ያናግሩት ነበር» ይላሉ። ከዚያ ዝም። የደንገሉ መንኮሻኮሽ እንኳ ቆሟል፤ እጃቸው ሥራ አቁሟል ማለት ነው። እኔስ? አንድ ሰከንድ አልታገስኩም። «እሺ። አንድ ታንኳ ለመሥራት ስንት ቀን ይፈጃል?» አልኩ። ሰባተኛው ጥያቄ ነበር፤ ወረቀቱ ላይ አለ።

«እንደ ሰዉ ነው» አሉኝ። ደንገሉም እንደገና መንኮሻኮሽ ጀመረ።

እንግዲህ ስሙኝ። ሰው ሐይቅ ያናግራል ተባለ፤ እኔ ቀን ቆጠርኩ! በሩን ከፍተው ቆመው ነበር፣ እኔ አልፌ መስኮት አንኳኳሁ። ከዚያ በኋላ ያሉት ሰባት ደቂቃዎች ትህትና ናቸው። መልስ ይሰጣሉ፤ ግን ለወረቀቱ ነው የሚሰጡት። እና እኔ ቤቴ ገብቼ «ዝምተኛ ናቸው» ብዬ ጻፍኩባቸው። ዝምተኛውን ከፈለጋችሁ ያ ወረቀት ነው! በሃያ አራት ጥያቄ ሰው ዘግቶ የሚመለስ፣ ተመልሶም ጥፋቱን በሽማግሌ ላይ የሚጽፍ! እዚህ የማጨበጨብ ሰዓት ይመስለኛል።

አመሰግናለሁ።

ታዲያ ምን ልጠይቅ ይገባኝ ነበር? ደብተሬ ላይ አንድ ሙሉ ገጽ ሞከርኩ። «ሐይቁን ማናገር በባህላችሁ ምን ትርጉም አለው?» ጣልኩት፤ ፈተና ይመስላል። «አባትዎ ሃይማኖተኛ ነበሩ?» ጣልኩት፤ አዎ ወይም አይ ብሎ ይዘጋል። በመጨረሻ የቀረው ሦስት ቃል ነው፦ «ምን ይሉት ነበር?» ከራሳቸው አፍ የወጣ ነገር ነው፤ እኔ የጨመርኩት የለም። ቢሳካ ቃሉን ያስታውሳሉ፣ ባይሳካ «ረሳሁት» ይላሉ፣ ሲረሱ ደግሞ አባታቸው የት ሆነው ያናግሩት እንደነበር ይነግሩኛል።

ወረቀቱን ቤት ትቼ ተመለስኩ። «ያን ቀን ሊነግሩኝ ጀምረው ነበር፤ አባትዎ ሐይቁን ምን ይሉት ነበር?» አልኳቸው። ሳቁ። «እኮ፣ ልነግርሽ ነበር፤ ቀን ቆጠርሽብኝ» አሉኝ። አፈርኩ፤ ማፈሬ ተገቢ ነበር። ከዚያ ለ22 ደቂቃ አላስቆምኳቸውም። ጠዋት ነፋሱ ሲነሳ አባታቸው እንደ ጎረቤት ይቆጡት እንደነበር፣ የራሰ ታንኳ ዳር አውጥተው ሲያደርቁ ይለምኑት እንደነበር። የስንት ቀን ሥራ እንደሆነም ሳልጠይቅ ነገሩኝ። ሰባተኛዋ ጥያቄ ራሷ መጣች።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም፤ ጨዋታ በቀዘቀዘ ቁጥር ጥፋቱ የጥያቄ ነው ማለት አይደለም። በዚያው ቅጂ 33ኛው ደቂቃ ላይ ድምፃቸው ዝቅ ይላል። ለረጅም ጊዜ ራሴን ወቀስኩ። ደግሜ ስሰማው በሩ ይከፈታል፤ የልጅ ልጃቸው ገብቷል። የሚያወሩት ስለ ዕዳ ነበር። በልጅ ፊት ዕዳ አይወራም። በእንደዚህ ዓይነት ጊዜ የተሻለ ጥያቄ አይኖርም፤ ልጁ ሲወጣ ጠብቃችሁ ቀጥሉ። መድከምም አለ። ለመለየት ቀላል ነው፤ ርዕስ ስትቀይሩ ድምፁ ከተነሣ ጥያቄው ነበር፤ በምንም ርዕስ ካልተነሣ ሰውየው ደክመዋል፣ አመስግናችሁ ተነሡ።

በቴሌግራም የተቀመጠ ጨዋታም ካላችሁ ያው ነው። ሰከንዱን በመልእክቱ ርዝመት ተኩት። «እሺ» እና «አዎ» የበዛበትን ፈልጉ፣ ከዚያ ሁለት ሦስት መልእክት ወደ ላይ ውጡ።

የቀረኝ የነገው ነው። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ወደቡ ጋር እንገናኝ። እያንዳንዳችሁ የቀዳችሁትን አንድ ቅጂ ከደብተር ጋር ይዛችሁ ኑ። «ዝምተኛ ናቸው» ያላችሁት ሰው ቢሆን ይመረጣል። ኢርፎን ያለው ለሌለው ያካፍል። ስልካችሁን ዛሬ ማታ ቻርጅ አድርጉ፤ መብራት ሊጠፋ ይችላል።