የመስከረም 25ቱ ጠብታ

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ፤ ከሐዋሳ ነኝ። ዛሬ የማወራችሁ ብዙ ሴቶች ብቻቸውን ሆነው ስለሚጨነቁበት ጉዳይ ነው፦ የወር አበባ ሊመጣ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ስለሚታይ ትንሽ ደም። ዛሬ አዋላጅ ነርስ ነኝ፤ ነገሩ በራሴ ላይ የደረሰው ግን ገና የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ ነው።

በዚያ ዓመት የወር አበባዬ የመጣው መስከረም 1 ቀን ሲሆን፣ ዑደቴ 28 ቀን ስለነበር ቀጣዩን የምጠብቀው መስከረም 29 ነበር። መስቀል ካለፈ በስምንተኛው ቀን፣ መስከረም 25 ጠዋት፣ ሞዴሴ ላይ የቡና አተላ የመሰሉ ሁለት ጠብታዎች አየሁ። በማግስቱ ቀለል ያለ ሮዝ ነገር ታየኝ፤ ከዚያ በኋላ ምንም አልነበረም። በዚያው ቀን የእርግዝና መመርመሪያ ገዝቼ ሽንቴን ብመረምር አንድ መስመር ብቻ አወጣ። እኔም የወር አበባዬ አራት ቀን ቀድሞ መጥቶ ሄደ ብዬ ደመደምኩ።

ስህተቴ ያለው እዚህ ላይ ነው። እንቁላል ከእንቁልጢ ከወጣ በኋላ የወር አበባ እስኪመጣ ያለው ጊዜ በአብዛኛው ሁለት ሳምንት ገደማ ሲሆን፣ ብዙም አይለዋወጥም፤ በጭንቀት፣ በሕመም ወይም በጉዞ የሚዛባው ከዚያ በፊት ያለው የዑደቱ ክፍል ነው። የእኔ እንቁላል የወጣው መስከረም 15 ገደማ ከሆነ፣ ጠብታው የታየው ከዚያ በአሥረኛው ቀን ነው ማለት ነው። ጽንስ በማህፀን ግድግዳ ላይ የሚጣበቀው ደግሞ እንቁላል ከወጣ ከ6 እስከ 12 ቀን ባለው ጊዜ፣ በአብዛኛውም ከ8 እስከ 10 ባለው ነው። መመርመሪያው የሚፈልገው ኤችሲጂ የተባለው ሆርሞን መመረት የሚጀምረው ጽንሱ ከተጣበቀ በኋላ በመሆኑ፣ በጠብታው ማግስት የተደረገ ምርመራ አንድ መስመር ቢያሳይ እርግዝና የለም ማለት አይደለም። የወር አበባው የሚጠበቅበት ቀን ሲደርስ ወይም ሲያልፍ፣ ካስፈለገም ከሳምንት በኋላ እንደገና መመርመር ነበረብኝ።

ቀለሙን ብቻ አይቶ እንዲህ ያለውን ጠብታ ከወር አበባ መለየት ግን እንደማይቻል በግልጽ ልናገር። ደም ቡናማ የሚሆነው ከመውጣቱ በፊት ውስጥ ስለቆየ ነው፤ የብዙ ሴቶች የወር አበባም የሚጀምረው በዚሁ ቀለም ነው። የሚለየው ቀጥሎ የሚሆነው ነው፤ የወር አበባ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ቀይ ይሆናል፣ ይጨምራል፣ ሞዴስ ይሞላል፣ የረጋ ደምም ሊኖረው ይችላል፤ ጽንስ ሲጣበቅ ይታያል የሚባለው ደም ግን ሳይጨምር ከሰዓታት እስከ ሁለት ቀን ቆይቶ ያልቃል። «ጽንስ ሲጣበቅ የሚታይ ደም» የሚለውም ስም ከማስረጃው ይልቅ እርግጠኛ ሆኖ ይሰማኛል፤ የሴቶችን ሽንት በየቀኑ እየመረመረ የተከታተለ አንድ ጥናት፣ በእርግዝና መጀመሪያ ከሚታየው ደም አብዛኛው የሚመጣው የወር አበባ በሚጠበቅበት ሰሞን እንጂ ጽንሱ በተጣበቀበት ዕለት እንዳልሆነ አሳይቷል። ስለዚህ የእኔ ጠብታ ከምን እንደመጣ አላውቅም፤ የወር አበባ እንዳልነበረ ግን አውቃለሁ።

ያወቅሁትም በኅዳር ሚካኤል ዋዜማ፣ ኅዳር 11 ነው። ማቅለሽለሹ አላስቆም ሲለኝ ወደ አንድ ክሊኒክ ሄድኩ፤ ነርሷም «የመጨረሻ የወር አበባሽ መቼ ነበር?» ስትለኝ «መስከረም 25» አልኳት። በዚያ ቆጠራ 46 ቀን፣ ማለትም ስድስት ሳምንት ከአራት ቀን ይሆናል፤ ጽንሱም ገና ከአንድ ሳንቲ ሜትር በታች መሆን ነበረበት። አልትራሳውንዱ ላይ የታየው ግን ከራስ እስከ መቀመጫ ሦስት ሳንቲ ሜትር ያህል ነበር። ከመስከረም 1 ሲቆጠር ልክ 70 ቀን፣ አሥር ሳምንት ሆነ።

የመውለጃ ቀን በእኛ አቆጣጠር የመጨረሻው የወር አበባ በጀመረበት ቀን ላይ ዘጠኝ ወር ከአሥር ቀን ተደምሮ ይገኛል (ጳጉሜን በመካከል ካለች ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን፣ ስድስት በምትሆንበት ዓመት ከአራት)። ከመስከረም 1 ሲቆጠር ሰኔ 11 ይሆናል፤ ከ25 ሲቆጠር ደግሞ ሐምሌ 5። የ24 ቀን ልዩነት ቀላል አይደለም፤ ቀኑ ያለፈበትን እርግዝና ገና እንደሆነ አስመስሎ ሊያዘናጋን ይችላል።

ከደሙ ጋር በአንድ ጎን የሚበረታ የሆድ ሕመም፣ የትከሻ ሕመም ወይም ራስን መሳት ካለ ግን መጠበቅ አያስፈልግም፤ ከማህፀን ውጭ የተፈጠረ እርግዝና ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል መሄድ ይገባል። የወሊድ መከላከያ መርፌ ወይም ፖስት ፒል የወሰደች ሴት ደግሞ ጠብታው ከመድኃኒቱም ሊመጣ ስለሚችል ይህን ለባለሙያ ትንገር።

ዛሬ እኔ ራሴ ካርድ ይዤ የመጨረሻውን ቀን ስጠይቅ፣ አንድ ጥያቄ እጨምራለሁ፦ «እህቴ፣ ያ የወር አበባ እንደሌላው ጊዜ ነበር? ስንት ቀን ቆየ? ሞዴስ ይሞላ ነበር?» ሴትየዋ «አይ፣ ትንሽ ነበር» ካለችኝ፣ ከዚያ በፊት የነበረውንም ቀን እጽፋለሁ፤ ከጎኑም «በአልትራሳውንድ ይረጋገጥ» የሚል ማስታወሻ እተውለታለሁ።