አማካዩን ብቻ ለሚያውቅ ሰው

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ የስታቲስቲክስ ተማሪዎች፣ እንደምን አመሻችሁ።

አንድ የባንክ ቅርንጫፍ ትናንት 100 ደንበኞችን አስተናገደ እንበል። ወረፋ የጠበቁበት ጊዜ በአማካይ 10 ደቂቃ ነው፤ ሌላ ምንም አልተነገረንም። 40 ደቂቃና ከዚያ በላይ የጠበቁት ቢበዛ ስንት ናቸው?

ሁሉም የጠበቁት ሲደመር 1,000 ደቂቃ ነው። አርባ አርባ ደቂቃ የጠበቁ 26 ሰዎች ቢኖሩ የእነርሱ ድርሻ ብቻውን 1,040 ደቂቃ ይሆንና ከድምሩ ያልፋል። ስለዚህ ከ25 ሊበልጡ አይችሉም። የማርኮቭ ያለእኩልነት የሚባለው ይኸው ነው፦ P(X ≥ a) ≤ E[X]/a። ማረጋገጫውንም ሳናስበው ሠርተን ጨርሰናል።

ሒሳቡ ግን አንድ ነገር በዝምታ ተቀብሏል፤ ከዜሮ በታች የሚጠብቅ ሰው የለም። ወረፋውን ትተን ትርፍና ኪሳራ ብንወስድ ነገሩ ይፈርሳል። ግማሾቹ ነጋዴዎች 110 ብር ቢያተርፉ፣ ግማሾቹ 90 ብር ቢከስሩ አማካዩ ያው 10 ነው፤ ከ40 ብር በላይ ያተረፉት ግን 25 ሳይሆኑ 50 በመቶ ናቸው።

አንዳንዱ ደግሞ 25 የሚለውን ቁጥር ይዞ "ሩቡ ደንበኛ 40 ደቂቃ ይጠብቃል" ብሎ ሪፖርት ይጽፋል። ይህን ስሰማ እበሳጫለሁ። 25 ጣሪያ ነው እንጂ ግምት አይደለም፤ እውነተኛው ቁጥር ዜሮም ሊሆን ይችላል። ቢሆንም ጣሪያውን ዝቅ ማድረግ አይቻልም። 75ቱ ምንም ሳይጠብቁ ቢስተናገዱና 25ቱ ልክ 40 ደቂቃ ቢጠብቁ አማካዩ 10 ይመጣልና።

ጣሪያውን ዝቅ የሚያደርገው ተጨማሪ መረጃ ነው። ቫሪያንሱ 25 ነው ተባልን እንበል፤ ይህም እያንዳንዱ ሰው ከአማካዩ የራቀበት ደቂቃ በራሱ ተባዝቶ የሚገኘው አማካይ ነው። የመቶው ሰው ድምር 2,500 ይሆናል። 40 ደቂቃ የጠበቀ ሰው ከአማካዩ በ30 ይርቃል፤ ለድምሩ ብቻውን 900 ያዋጣል። ሁለት ሰዎች 1,800 ያዋጣሉ፤ ሦስተኛው ሲጨመር 2,700 ይሆንና ድምሩን ይጥሳል። እንግዲህ ከ25 ወደ 2 ወረድን።

ይህ የቼቢሼቭ ያለእኩልነት ነው፦ P(|X − μ| ≥ t) ≤ σ²/t²። ቼቢሼቭ በ1867 አሳተመው፤ ፈረንሳዊው ቢየናሜ ግን በ1853 ቀድሞት ነበር። ማርኮቭ የቼቢሼቭ ተማሪ ነው። የሚገርመው፣ ዛሬ የመምህሩን ውጤት የምናረጋግጠው የተማሪውን መንገድ በርቀቱ ካሬ ላይ በመጠቀም ነው።

የጥበቃው ጊዜ የደወል ቅርጽ ያለውን ኖርማል ስርጭት ቢከተል ኖሮ፣ ከአማካዩ በ30 ደቂቃ በልጦ የመጠበቅ ዕድል ከቢሊዮን አንድ ገደማ ይሆን ነበር። ቼቢሼቭ የሚሰጠን 1/36 ነው። ልዩነቱ ሰፊ ነው፤ ነገር ግን ወረፋ ብዙውን ጊዜ ወደ ረጅሙ ጥበቃ የተዘረጋ ጅራት ስላለው፣ ኖርማል ነው ብሎ ከመገመት ይልቅ እኔ 1/36ን እመርጣለሁ።

አመሰግናለሁ።